የማስተርስ ኤስኦፒ አጻጻፍ፦ “ለቴክኖሎጂ ያለኝን ፍቅር” ትታችሁ ፕሮጀክታችሁን አሳዩ

“ከልጅነቴ ጀምሮ ለቴክኖሎጂ ልዩ ፍቅር ነበረኝ።” ለኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ ኤስኦፒ፣ ማለትም ምን ለመማር እንደምትፈልጉና ለምን እንደሆነ የምታስረዱበት የማመልከቻ ጽሑፍ፣ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትመጣው ዓረፍተ ነገር ይህች ናት። እውነት ልትሆን ትችላለች። ግን አንዲት መስመር ኮድ ጽፎ የማያውቅ ሰውም ሊጽፋት ስለሚችል ለአንባቢው የምትነግረው ነገር የለም።

ኤስኦፒያችሁን የሚያነበው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የዲፓርትመንቱ መምህር ነው። ትራንስክሪፕታችሁ፣ ሲቪያችሁና የሪኮመንደሽን ደብዳቤዎቻችሁ ፊቱ ተቀምጠዋል። ምን ኮርስ ወስዳችሁ ምን እንዳመጣችሁ ያያል። ከእነዚህ ወረቀቶች የማያገኘው፣ አንድ ችግር እጃችሁ ላይ ሲወድቅ እንዴት እንደምታስቡ ነው። ያንን የምታሳዩት በሠራችሁት ፕሮጀክት ነው። ስሙን፣ ዳታውን፣ ዘዴውንና እምቢ ያላችሁን ቦታ ጭምር ጽፋችሁ።

አንድ ምሳሌ ይዤ እስከ መጨረሻው ልሂድ። አመልካቿን ሄለን እንበላት። ሰውየዋም ፕሮጀክቷም ቁጥሮቿም ለማሳያ የፈጠርኳቸው ናቸው፤ ግን እኛ አገር ለመመረቂያ ከሚሠራው ብዙም አይርቁም። ሄለን ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ሆና በአንድ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት የፌስቡክ ገጽ ላይ የተጻፉ የአማርኛ አስተያየቶችን ቅሬታ፣ ጥያቄና ምስጋና ብሎ የሚለይ ሞዴል ሠርታለች። የእሷን አንቀጾች እዚህ በአማርኛ አስቀምጣለሁ፤ እናንተ በምታመለክቱበት ቋንቋ ትጽፋላችሁ።

አንደኛ፦ ከመጻፍ በፊት ፋይሎቻችሁን ቆፍሩ

ባዶ ገጽ ከፍታችሁ አትቀመጡ። መጀመሪያ የፕሮጀክቱን ፎልደር፣ ያስረከባችሁትን ሪፖርትና ውጤቶቹ ያሉበትን ኖትቡክ ክፈቱ። ከተመረቃችሁ ዓመት ካለፈ ጭንቅላታችሁ ውስጥ የቀረው “አሪፍ ነበር፣ ሰማንያ ምናምን በመቶ አመጣን” የሚል ብቻ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ የምን ቁጥር እንደሆነ ፋይሉ ነው የሚነግራችሁ።

ኮዱ ጊት ላይ ካለ ፎልደሩ ውስጥ ገብታችሁ እነዚህን አስኪዱ፦

```
git shortlog -sn HEAD
git log --author="Helen" --oneline
```

የመጀመሪያው ማን ስንት ጊዜ ኮሚት እንዳደረገ ይቆጥራል። ሁለተኛው የእናንተን ብቻ ለይቶ ያወጣል፤ በስሙ ቦታ የራሳችሁን አስገቡ። የኮሚት ብዛት የሥራ ብዛት ማለት አይደለም፤ ግን የትኛውን ክፍል እንደነካችሁ ያስታውሳችኋል። የግሩፑ ኮድ ጊት ሳይሆን ቴሌግራም ላይ “የመጨረሻው_የመጨረሻ2” በሚል ዚፕ ሲዞር ከነበረም (የብዙዎቻችን ዕጣ ነው) ችግር የለም። ግሩፑን ወደ ላይ እያሸበለላችሁ አንብቡ። “ይሄ ለምን እንዲህ ሆነ?” ብላችሁ የተጨቃጨቃችሁበትን ቀን ፈልጉ። ለኤስኦፒ የሚሆነው ወርቅ እዚያ ነው ያለው።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት አጭር ማስታወሻ ያዙ። ጥያቄው ምን ነበር? ዳታው ከየት መጣ፣ ስንትስ ነበር? የትኛውን ዘዴ መረጣችሁ፣ ለምን? ውጤቱ ከምን ጋር ሲነጻጸር ጥሩ ነው? የት ተበላሸ? የእናንተ እጅ የቱ ጋ ነበር? ማስታወሻው ለራሳችሁ ስለሆነ አጻጻፉ ማማር የለበትም።

ሁለተኛ፦ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ምረጡ

ስድስት ፕሮጀክት መደርደር ሲቪን ደግሞ መጻፍ ነው። ለአንድ ፕሮጀክት ከሁለት መስመር በላይ ካልደረሰው ዘዴ የሚባል ነገር አይታይም። ስትመርጡ ትልቁን ወይም ዘመን አመጣሹን አትፈልጉ። “ለምን?” እየተባላችሁ አራት አምስት ጊዜ ብትጠየቁ መልስ የማታጡበትን ውሰዱ። በፍሬምወርክ ተገጣጥሞ በሳምንት ያለቀ የዲፕ ለርኒንግ ሥራ ካላችሁና ሌላ በኩል ግን እያንዳንዱን መስመር የምታውቁት ትንሽ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ፕሮጀክት ካላችሁ፣ ሁለተኛው ይሻላል።

ሦስተኛ፦ የመጀመሪያውን ረቂቅ ጻፉ፣ ከዚያ መስመር በመስመር ፈትሹት

የሄለን የመጀመሪያ ረቂቅ ይህን ይመስላል፦

> ለማሽን ለርኒንግ ባለኝ ከፍተኛ ፍላጎት በመነሳሳት በመመረቂያ ፕሮጀክታችን ዘመናዊ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ቴክኒኮችን በመጠቀም የአማርኛ ጽሑፎችን የሚተነትን ሲስተም ሠርተን 81 በመቶ ትክክለኛነት አስመዝግበናል። ይህም በቴክኖሎጂ የአገሬን ችግር ለመፍታት ያለኝን ህልም አጠናክሮልኛል።

ለጆሮ ጥሩ ነው። ሲፈተሽ ግን ምን ቀረ? “ዘመናዊ ቴክኒኮች” የትኞቹ ናቸው? “የሚተነትን” ማለት ምን ማድረግ ነው? “ሠርተን” ሲባል ሄለን ምን ሠራች? ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ 81 በመቶ።

ቁጥሩን እንየው። ሄለንና ጓደኞቿ 3,000 አስተያየት ሰብስበዋል። ከእነዚህ 2,100ው ቅሬታ፣ 660ው ጥያቄ፣ 240ው ምስጋና ነው። ሦስት አማራጭ አለ፤ ቅሬታ ግን ብቻውን 70 በመቶ ነው። ስለዚህ ምንም ሳያነብ ሁሉንም “ቅሬታ” የሚል ደደብ ፕሮግራም 70 በመቶ ያመጣል። የሄለን ሞዴል የጨመረው 11 ነጥብ ብቻ ነው። ለመፈተኛ ከተለዩት 600 አስተያየቶች ውስጥ 48ቱ ምስጋና ነበሩ፤ ሞዴሉ ያገኘው 14ቱን ብቻ ነው። 81 በመቶው ይህን ሁሉ ሸፍኖታል።

የማሽን ለርኒንግ መምህር “81 በመቶ” ሲያነብ ወዲያው “ከስንት ተነስቶ?” ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ከጎኑ ከሌለ ወይ አታውቁትም ወይ ደብቃችሁታል ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ቁጥር ስትጽፉ መነሻውን አብራችሁ ጻፉ። ክፍሎቹ እንዲህ ሲበላለጡ ደግሞ ማክሮ ኤፍ-ዋን የሚባለው መለኪያ ይሻላል፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ተሰልቶ እኩል ስለሚደመር ትንሹ ክፍል አይዋጥም። በዚህ መለኪያ ደደቡ ፕሮግራም 0.27፣ የሄለን ሞዴል 0.65 ያመጣሉ። 0.65 ከ81 በመቶ ያነሰ ይመስላል። ግን ሄለን የምትለካውን ነገር እንደምታውቅ የሚናገረው እሱ ነው።

አራተኛ፦ የዘዴውን ስም ከነምክንያቱ

የዘዴ ስም መጥራት ብቻውን አይበቃም። “ኤስቪኤም፣ ራንደም ፎረስት፣ ኤልኤስቲኤም እና በርት ተጠቅሜአለሁ” የሚል ዝርዝር ከ“ዘመናዊ ቴክኒኮች” ብዙም አይሻልም። ልዩነት የሚያመጣው “ስለ…” የምትለው ቃል ናት።

ሄለን መጀመሪያ የተጠቀመችው በቃላት ድግግሞሽ ላይ የተመሠረተ ሊኒየር ኤስቪኤም ነው። ስህተቶቹን ስታነብ አንድ ነገር አየች። ሰው ፌስቡክ ላይ “ኃይል”ን “ሀይል”፣ “ሃይል”፣ “ሐይል” እያለ ይጽፋል። ለእኛ አንድ ነው፤ ለሞዴሉ ግን አራት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላትን ወደ አንድ አመጣቻቸው፤ ውጤቱ ከ0.65 ወደ 0.68 ከፍ አለ።

ቀጥላ በብዙ ቋንቋዎች አስቀድሞ የሠለጠነውን ኤክስኤልኤም-ሮበርታ የተባለ ሞዴል ሞከረች። ለምን መልቲሊንጓል በርትን አልወሰደችም? የመልቲሊንጓል በርት የቃላት ዝርዝር የግዕዝ ፊደልን ስለማያካትት የአማርኛ ቃል ሲሰጠው “የማይታወቅ” ብሎ ነው የሚያልፈው። ኤክስኤልኤም-ሮበርታ ግን ከሠለጠነባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ይህ በኤስኦፒ ውስጥ ግማሽ መስመር ብቻ ይወስዳል። ግን መሣሪያውን ከኢንተርኔት አንስታ እንዳልለጠፈች ያሳያል። ውጤቱ 0.73 ሆነ።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ምስጋና የተባሉት መፈተኛዎች 48 ብቻ ስለሆኑ አንዷ አስተያየት ብቻዋን የዚያን ክፍል ሪኮል ሁለት ነጥብ ያህል ታንቀሳቅሳለች። 0.68 እና 0.73 በጥቂት አስተያየቶች ልዩነት የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚቻል ከሆነ ሥልጠናውን በተለያየ ሲድ ደጋግሞ አማካዩን መያዝ፣ ካልሆነም “መፈተኛው ትንሽ ነው” ብሎ በግልጽ መጻፍ ነው። አንዳንዶች እንዲህ ያለ ነገር ድክመት ያሳያል ብለው ይደብቁታል። እኔ ግን ለማስተርስ አመልካች ከዚህ የተሻለ መስመር ብዙ አላየሁም።

አምስተኛ፦ የተበላሸውን ቦታ ወደ ጥያቄ ቀይሩት

ኤስኦፒ ስለ ዓላማ ነው። ዓላማው ደግሞ ከፕሮጀክቱ ወገብ መውጣት አለበት እንጂ በመጨረሻው አንቀጽ ላይ እንደ አዲስ መምጣት የለበትም።

የመጀመሪያው ሞዴል “ምስጋና” ብሎ ከለያቸው 28 አስተያየቶች ውስጥ 10ሩ ቅሬታዎች ነበሩ። ሄለን አንድ በአንድ አነበበቻቸው። አንዱ እንዲህ ይላል፦ “እናመሰግናለን፣ ዛሬም በሻማ እራት በላን።” ማንኛችንም ምን ለማለት እንደተፈለገ ይገባናል። ሞዴሉ “እናመሰግናለን”ን አይቶ ምስጋና አለ። ኤክስኤልኤም-ሮበርታም እዚያው ላይ ተሳሳተ። ሄለን ወደ ኋላ ተመልሳ ዳታውን ስታይ ደግሞ ሰዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም። ሁለት የግሩፑ አባላት ተመሳሳይ 300 አስተያየቶችን ለየብቻ ሰይመው ነበር፤ የስምምነታቸው መጠን በኮኸን ካፓ 0.66 ነው። ከተለያዩባቸው ውስጥ ብዙዎቹ አሽሙር ናቸው።

አሁን ጥያቄ ተገኘ። ሰዎች በማይስማሙበት ጽሑፍ ላይ “ትክክለኛው መልስ አንድ ነው” ብሎ ሞዴል ማሠልጠን ተገቢ ነው ወይ? አለመስማማቱን ራሱን ሞዴሉ እንዲማረው ማድረግስ ይቻላል? ሄለን መልሱን ማወቅ አይጠበቅባትም፤ ልትማር የምትሄደው ለዚህ ነው። የተጻፈው አንቀጽ ይህን ይመስላል፦

> በመመረቂያ ፕሮጀክታችን 3,000 የአማርኛ የፌስቡክ አስተያየቶችን ቅሬታ፣ ጥያቄና ምስጋና ብለን ለየን። አራት ሆነን ሠራነው፤ የእኔ ድርሻ የአሰያየም መመሪያውን መጻፍ፣ ሞዴሎቹን ማሠልጠንና ስህተቶቻቸውን መመርመር ነበር። 70 በመቶው ቅሬታ ስለነበር በአክዩረሲ ፋንታ በማክሮ ኤፍ-ዋን ለካሁ። ሊኒየር ኤስቪኤም 0.65 አመጣ፤ ሞክሼ ፊደላትን አንድ ሳደርግ 0.68 ደረሰ። የግዕዝን ፊደል የሚያውቀው ኤክስኤልኤም-ሮበርታ 0.73 ቢያመጣም የምስጋና መፈተኛዎቹ 48 ብቻ ስለሆኑ በልዩነቱ ብዙ አልመካም። ይበልጥ ያሳሰበኝ ሁለቱም ሞዴሎች አሽሙርን ምስጋና ማለታቸው ነው። ሁለት ሰያሚዎቻችንም በብዛት የተለያዩት እዚያው ላይ ነበር። በማስተርስ ጥናቴ ላጠናው የምፈልገው ይህንን ነው፦ የሰያሚዎችን አለመስማማት እንደ ስህተት ከመጣል ይልቅ፣ ዳታ ባነሰባቸው ቋንቋዎች ላይ እንደ መረጃ መጠቀም።

“ፍቅር”፣ “ህልም”፣ “ከልጅነቴ” የሚሉ ቃላት አንድም ቦታ የሉም። ሰውየዋ ሥራዋን እንደምትወድ ግን ማንም አይጠራጠርም።

“ሠራን” እና “ሠራሁ” እንዴት እንደተለያዩም አስተውሉ። አማርኛ ላይ “እኛ” ማለት ትሕትና ነው፤ አንባቢው ግን ግሩፑን ሳይሆን አንድ ሰው ነው የሚቀበለው። የግሩፑን ሥራ በ“እኛ”፣ የራሳችሁን በ“እኔ” ለይታችሁ ጻፉ። የጓደኛን ሥራ የራስ ማድረግ ደግሞ ኢንተርቪው ካለ በሁለተኛው ጥያቄ ይጋለጣል።

ሪሰርች ያልሠራ፣ ሥራ ላይ የቆየ ሰውስ?

ያው ነው። “በአንድ ድርጅት ባክኤንድ ዴቨሎፐር ሆኜ ትላልቅ ሲስተሞችን ገንብቻለሁ” የሚለውን ጣሉት። በምትኩ አንድ ቀን የተጋፈጣችሁትን ችግር ውሰዱ። ወር ሲያልቅ ሪፖርቱ የሚዘገይበትን ምክንያት እንድታገኙ ተነገራችሁ እንበል። በፖስትግሬስ `EXPLAIN ANALYZE` ስታዩ ኩዌሪው ሚሊዮኖች ረድፍ ያለውን ሰንጠረዥ ከላይ እስከ ታች ሲያነብ አገኛችሁ። በቀንና በቅርንጫፍ ጥምር ኢንዴክስ ሠራችሁ፤ ሪፖርቱ ፈጠነ። ግን ኢንዴክሱ አዲስ መዝገብ ሲገባ ማዘመን ስለሚጠይቅ ቀን ላይ መጻፉ ትንሽ ቀዘቀዘ። ይህ የመጨረሻው መስመር ነው ወደ ዳታቤዝ ሲስተምስ የሚወስዳችሁ። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ለድርጅቱ የፈረማችሁትን የምስጢር ውል ተመልከቱ። የደንበኛ ስምና የውስጥ ቁጥር ሳይወጣም ዘዴውን መግለጽ ይቻላል።

ስድስተኛ፦ ትምህርት ቤቱን ከጥያቄያችሁ ጋር አገናኙ

“ዓለም አቀፍ ዝና ያለው ዩኒቨርሲቲያችሁ” የሚለውን ለማንም መላክ ይቻላል። እዚህም ሥራ በስሙ ይጠራ።

ግን የሰው ስም ስትጽፉ ያ ሰው ዛሬ የት እንዳለ አረጋግጡ። አንድ ምሳሌ፦ ማሳካኔር የሚባለው ዳታሴት በ2021 ሲወጣ አማርኛን ጨምሮ በ10 የአፍሪካ ቋንቋዎች የሰው፣ የቦታና የድርጅት ስሞችን የያዘ ነበር። የጽሑፉ መሪ ዴቪድ አዴላኒ በዚያን ጊዜ ጀርመን ሳርላንድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበር። ከዚያ ለንደን ዩሲኤል ሄደ፤ ቀጥሎም ሞንትሪያል ማክጊል መምህር ሆነ። ጽሑፉን ብቻ አይቶ “ሳርላንድ መጥቼ ከእሱ ጋር መሥራት እፈልጋለሁ” ያለ አመልካች ጽሑፉን ከማንበብ አልፎ እንዳልሄደ በአንድ መስመር ይታወቅበታል። ጽሑፍ ላይ ያለ አድራሻ የዚያን ዓመት አድራሻ ነው። የሰውየውን የራሱን ገጽና የቅርብ ሁለት ዓመት ሥራዎቹን እዩ።

የምታመለክቱት ማስተርስ ቲሲስ የሌለውና በኮርስ ብቻ የሚያልቅ ከሆነ የፕሮፌሰር ስም መደርደር ብዙም አይጠቅምም። እዚያ የሚሻለው ኮርሶቹን ከፕሮጀክታችሁ ክፍተት ጋር ማያያዝ ነው። ሄለን ብትሆን ስታቲስቲክስ ላይ የጎደላትንና መፈተኛዋ ትንሽ ሲሆን ልዩነቱን እንዴት መመርመር እንዳለባት የምትማርበትን ኮርስ ትጠቅሳለች።

የሚጠየቀውን ወረቀት ዓይነትም ለዩ። ለምሳሌ በርክሊ ከኤስኦፒ ሌላ ስለ ሕይወት ታሪክ የሚጻፍ ለብቻው ይጠይቃል። የቤተሰብና የአስተዳደግ ታሪካችሁ ቦታው እዚያ ነው። ጀርመን ብዙ ቦታ “ሞቲቬሽን ሌተር” ይሉታል፤ አጠር ያለም ሊሆን ይችላል። የገጽ ወይም የቃል ገደቡን ከማመልከቻ ገጹ ላይ ውሰዱ እንጂ ካለፈው ዓመት አመልካች አትቀበሉ።

ሰባተኛ፦ ከመላክ በፊት

እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ያዙና የክፍል ጓደኛችሁ ስሙን ቢፈርምበት እውነት ሆኖ ይቀር እንደሆነ ጠይቁ። ከቀረ ወይ ቁረጡት ወይ ዳታ፣ ዘዴ ወይም ውጤት ጨምሩበት። ሁሉም ዓረፍተ ነገር ማለፍ አለበት ማለት አይደለም፤ ማያያዣ መስመርም ያስፈልጋል። ግን አንድ ሙሉ አንቀጽ ከወደቀ ይውጣ።

ቀጥሎ የሚቃወም ጓደኛ ፈልጉ። “ጎበዝ፣ አሪፍ ነው” የሚለው አይጠቅምም። የጻፋችሁትን እያነበበ “ለምን ኤስቪኤም?”፣ “ካፓ ምንድን ነው?”፣ “መፈተኛው ውስጥ ከማሠልጠኛው የተደገመ አስተያየት አልነበረም?” ብሎ ይጠይቃችሁ። ፌስቡክ ላይ አንድ ሰው ያንኑ ቅሬታ አምስት ቦታ ይለጥፋል፤ የተደገመው ሳይወጣ ከተከፈለ ውጤቱ ከእውነታው በላይ ያምራል። መልስ ያጣችሁበት መስመር ካለ ወይ ተመለሱና አጣሩት ወይ አውጡት።

በመጨረሻ የፕሮጀክቱን አንቀጽ ሪኮመንደሽን ለሚጽፍላችሁ አድቫይዘር ላኩለት። ብዙ ተማሪ ስላማከረ ፕሮጀክታችሁ ከሌላው ጋር ተደባልቆበት ይሆናል። ቁጥሩ ከሪፖርቱ ጋር የማይገጥም ከሆነም ቀድሞ ይነግራችኋል። ደብዳቤው “ታታሪና ሥነ ምግባር ያላት ተማሪ” ከማለት አልፎ ስለ አሽሙሩና ስለ አሰያየም መመሪያው ካነሳ ኮሚቴው ያንን ሥራ ከሁለት ሰው አፍ ይሰማዋል። ለዚህ ግን ዴድላይኑ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ሳይሆን ቢያንስ ከወር በፊት ነው ላኩለት የምላችሁ።